የልደት ቀን ቁጥር፦ የማሸነፍ ዕድሉ ያው ነው፣ የሚደርስዎ ገንዘብ ግን ሊያንስ ይችላል

ጥያቄ፦
«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ፓወርቦል መጫወት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቲኬት፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ቁጥር፦ 3፣ 8፣ 14፣ 21፣ 27፣ ቀይዋ ደግሞ 11። የልጆቼ፣ የእናቴና የሰርጋችን ቀን ነው። ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቲኬቴን አየና ‹ኳሱ እስከ 69 እያለ አንቺ ከ31 አታልፊም፤ ከግማሽ በላይ ዕድልሽን ጥለሽዋል› አለኝ። እውነቱን ነው ወይ? ልቀይረው ይሆን? ቀይሬውስ በሳምንቱ የድሮው ቢወጣ ምን እሆናለሁ? እናቴ ደግሞ አዲስ አበባ ሎተሪ ስትገዛ ቁጥር ታማርጣለች፤ እሷንስ ምን ልበላት? — ሰ. ከአሌክሳንድሪያ»

መልስ፦

እኅታችን፣ ባልደረባዎ ስለ ዕድል የነገረዎት ስሕተት ነው። ሳያስበው የነካው ሌላ ነገር ግን አለ፤ እሱ ከዕድሉ ጋር ሳይሆን ከገንዘቡ ጋር የሚገናኝ ነው። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው፤ ሰው የሚሳሳተው አንድ ላይ ሲቀላቅላቸው ነውና።

በፓወርቦል ከ69 ነጭ ኳሶች አምስት፣ ከ26 ቀይ ኳሶች ደግሞ አንድ ይወጣል። ነጮቹ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደወጡ አይቆጠርም። አምስት ነጭ ኳሶች ሊገጣጠሙ የሚችሉበት መንገድ 11,238,513 ነው፤ ይህ በ26ቱ ቀዮች ሲባዛ 292,201,338 ይሆናል። የእርስዎ ቲኬት ከእነዚህ ጥምረቶች አንዷን ይዟል። የባልደረባዎም፣ የማንኛውም ሰው ቲኬት እንዲሁ አንዷን ብቻ ነው የያዘው። የሚሽከረከረው ኳስ 14 የልጅዎ ልደት መሆኑን አያውቅም፤ 58 የማንም ልደት አለመሆኑንም አያውቅም።

ባልደረባዎን ያሳሳተው እውነት ግን አለ። ከ69ኙ ነጭ ኳሶች 38ቱ ከ31 በላይ ናቸው። ስለዚህ በአብዛኛው ዕጣ ቢያንስ አንድ ትልቅ ቁጥር ይኖራል፤ አምስቱም ነጮች ከ31 የማይበልጡበት ዕጣ በአማካይ ከ66 አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው። እሱ እዚህ ላይ ቆሞ «እንግዲያው አንቺ ከ66 ዕጣ 65ቱን አስቀድመሽ ተሸንፈሻል» ያለ ያህል ፈረደ። ሒሳቡ ግን እዚያ አያልቅም።

ሁለት እንቅብ ያስቡ። በትንሹ እንቅብ ውስጥ ሁሉም ቁጥራቸው ከ31 ያልበለጠ ጥምረቶች አሉ፤ ብዛታቸው 169,911 ነው። በትልቁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ትልቅ ቁጥር ያለባቸው የቀሩት 11,068,602 ጥምረቶች አሉ። ትንሹ እንቅብ የሚከፈተው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲከፈት ግን ቲኬትዎ የሚፎካከረው ከ169,911 ጥምረቶች ጋር ብቻ ነው። ትልቁ እንቅብ በየጊዜው ይከፈታል፤ የባልደረባዎ ቲኬት ግን እዚያ ውስጥ ከ11 ሚሊዮን በላይ ከሆኑ ጥምረቶች አንዷ ናት። 66.14ን በ169,911 ቢያባዙት ተመልሶ 11,238,513 ይመጣል። በባልደረባዎም በኩል ቢያሰሉት የሚያገኙት ያንኑ ቁጥር ነው። በአንድ በኩል የጠፋው በሌላ በኩል ልክ በዚያው መጠን ይካካሳል፤ ሳንቲም አይጎድልም፣ አይተርፍም።

በዚሁ መንገድ ስድስት ዓመት መጫወትዎም ለቁጥሩ «ተራ» አላመጣለትም። የፊታችን ቅዳሜ 3፣ 8፣ 14፣ 21፣ 27 ከ11 ጋር የመውጣቱ ዕድል በመጀመሪያው ቅዳሜ ከነበረው አልጨመረም፣ አልቀነሰምም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጃክፖቱ ለአንድ ሰው ተቆርጦ የተቀመጠ ገንዘብ አይደለም። አሸናፊ ቲኬቶች ስንት ናቸው ተብሎ ይቆጠርና በእኩል ይካፈላል። በጃንዋሪ 13 ቀን 2016 የወጣው የ1.586 ቢሊዮን ዶላር ፓወርቦል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የወጡት ቁጥሮች 4፣ 8፣ 19፣ 27፣ 34 ሲሆኑ ቀይዋ 10 ነበረች። ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳና ቴነሲ ውስጥ የተገዙ ሦስት ቲኬቶች አሸነፉ። በአንድ ጊዜ በጥሬው ልውሰድ ላለ የሚከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ 983.5 ሚሊዮን ዶላር ነበርና ለእያንዳንዱ ቲኬት 327.8 ሚሊዮን ደረሰ። ከአምስቱ ነጮች አራቱ የልደት ቀን ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው፤ ያም ሆኖ ሦስት አሸናፊ የተገኘው በልደት ቁጥር ምክንያት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በዚያ ሰሞን ቲኬት የገዛው ሕዝብ ራሱ ከወትሮው እጅግ የበዛ ነበር። ጃክፖት ሲያድግ ገዢ ይበዛል፤ ገዢ ሲበዛ ደግሞ ከሰው ጋር የመጋጨት ነገር ይጨምራል።

ከማን ጋር ነው የሚጋጩት? ጥያቄው ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ማሽኑ ቁጥር ሲመርጥ (ኩዊክ ፒክ የሚሉት) ሁሉንም ጥምረት እኩል ነው የሚያየው። ሰው በእጁ ሲመርጥ ግን ወደ ቀን ይሄዳል፤ ልደት፣ ሰርግ፣ አገር የገባበት ቀን። ቀን ደግሞ ከ31 አያልፍም። አንድ ስሌት እንሥራ። ከታች የምንጠቀምባቸው የቲኬት ብዛቶች ለማሳያ የወሰድናቸው ናቸው፤ አሠራሩን ለማየት ግን ይበቃሉ።

ለአንድ ዕጣ 100 ሚሊዮን ቲኬት ተሸጠ እንበል። ከእነዚህ 75 ሚሊዮኑን ማሽን መረጠው፣ 25 ሚሊዮኑን ሰው በእጁ ሞላው። በእጅ ከተሞላው ውስጥ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 5 ሚሊዮኑ፣ አምስቱንም ነጭ ቁጥር ከልደት ቀኖች የወሰደ ነው። ማሽኑም በአጋጣሚ ከ66 አንዴ ወደዚያው ትንሽ እንቅብ ስለሚገባ ከእሱ በኩል ወደ 1.13 ሚሊዮን ይጨመራል። በድምሩ 6.13 ሚሊዮን ቲኬት ማለት ነው። ትንሹ እንቅብ ቀይዋን ኳስ ጨምሮ ያለው ቦታ 4,417,686 ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ የልደት ጥምረት ላይ በአማካይ 1.4 ቲኬት ተደራርቧል። የቀረው 93.87 ሚሊዮን ቲኬት ደግሞ በ287.8 ሚሊዮን ቦታ ላይ ይበተናል፤ በአማካይ ለአንድ ቦታ 0.33 ቲኬት፣ ወይም ለሦስት ቦታ አንድ ቲኬት ገደማ።

ይህ ኪስ ላይ ሲደርስ እንዲህ ይሆናል። የልደት ጥምረት ይዘው ካሸነፉ ብቻዎን የመሆንዎ ዕድል ከመቶ 25 ገደማ ነው፤ በተቀረው ጊዜ ቢያንስ አንድ ሰው አብሮዎት ይሰለፋል። ከትልቁ እንቅብ የሆነ ጥምረት ይዘው ካሸነፉ ግን ብቻዎን የመሆንዎ ዕድል ከመቶ 72 ነው። ሁሉንም ሁኔታ አማክለን ስናሰላው፣ የልደት ጥምረት ከጃክፖቱ 54 በመቶውን ያስገኛል፣ ሌላው 85 በመቶውን። ጥሬ ገንዘቡ 300 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን ልዩነቱ 162 ሚሊዮንና 256 ሚሊዮን ነው። የማሸነፍ ዕድልዎ በሁለቱም በኩል ከ292 ሚሊዮን አንድ እንደሆነ ነው፤ የተለወጠው ካሸነፉ በኋላ ስንት ሰው አብሮዎት እንደሚቆም ብቻ ነው።

የእርስዎን ቲኬት ለይተን ካየነው ከአማካዩም ትንሽ ይበልጥ የተደራረበ ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱም 3፣ 8 እና ቀይዋ 11 ከ12 በታች ናቸው። ከ12 ያልበለጠ ቁጥር ቀንም ወርም ሆኖ ሊመረጥ ስለሚችል በሁለት በር ነው የሚገባው።

ሐበሻ ለሆነ ሰው ደግሞ አንድ ሌላ በር አለ። ልደትን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብንወስደው እንኳ ከ31 ማምለጥ አይቻልም፤ እንዲያውም ጣሪያው ወደ 30 ይወርዳል፣ ወሩም ከ13 አያልፍም። የወር በዓላትም እዚያው ናቸው፦ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም። እርስዎ 14ን ለልጅዎ ብለው ያዙት፣ ሌላዋ እናት ለአቡነ አረጋዊ ብላ ትይዘዋለች። 21ን ለእናትዎ ያዙት፣ ጎረቤትዎ ለማርያም። በወረቀት ላይ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈላቸው ወገኖቻችን ደግሞ 1 ላይ ይሰበሰባሉ። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ የሚያርፈው ያው ትንሽ እንቅብ ላይ ነው። ሜጋ ሚሊዮንስም ቢሆን ነጮቹ ከ70 አምስት ስለሆኑ ነገሩ አይለወጥም።

እንግዲህ «ከ31 በላይ ልምረጥና ልገላገል» ሊሉ ነው። ቆይ። መጨናነቁን የሚፈጥረው ቀን ብቻ አይደለም። በብሪታንያ ብሔራዊ ሎተሪ በጃንዋሪ 14 ቀን 1995 የወጡት ቁጥሮች 7፣ 17፣ 23፣ 32፣ 38 እና 42 ነበሩ። ሦስቱ ከ31 በላይ ናቸው፤ ስለዚህ የልደት ቲኬት ሊሆን አይችልም። ሆኖም 133 ቲኬት አሸነፈና 16.3 ሚሊዮን ፓውንዱ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ 122,510 ፓውንድ ብቻ ደረሰ። ያ ሎተሪ ያን ጊዜ ከ49 ቁጥር ስድስት የሚመረጥበት ነበር፤ ጥምረቶቹ 13,983,816 ናቸው። ቲኬቶቹ እኩል ተበታትነው ቢሆን ኖሮ 133 አሸናፊ እንዲገኝ ወደ 1.86 ቢሊዮን ቲኬት መሸጥ ነበረበት፤ የአገሩ ሕዝብ በሙሉ ግን ያን ጊዜ 60 ሚሊዮን አይሞላም ነበር። ለዚህ በተለምዶ የሚሰጠው ማብራሪያ ቁጥሮቹ በመጫወቻው ቅጽ መሃል አካባቢ መዋላቸው ነው። ሰው እርሳስ ይዞ ቅጽ ላይ ሲያጎነብስ እጁ ወደ መሃል ይሄዳል፣ ጠርዙን ይሸሻል፣ ቁጥሮቹንም አራርቆ ያስቀምጣል።

የፊሊፒንሱ ከዚህ ይብሳል። በኦክቶበር 1 ቀን 2022 ከ55 ስድስት በሚመረጥበት ሎተሪ 9፣ 18፣ 27፣ 36፣ 45 እና 54 ወጡ፤ ሁሉም የዘጠኝ ብዜት ናቸው። 433 አሸናፊ ተገኘና ወደ 236 ሚሊዮን ፔሶ የሚጠጋው ጃክፖት ተሸነሸነ። «ማጭበርበር ነው» የሚል ጩኸትም ተነሣ። በብዛት የሚመረጥ ጥምረት ከወጣ ግን አሸናፊ መብዛቱ የሚጠበቅ ነው፤ ማጭበርበርን አያስረዳም፣ ሰው ምን እንደሚወድ ነው የሚያስረዳው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም በዲሴምበር 1 ቀን 2020 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ከተጨማሪዋ ኳስ 10 ጋር ሲወጡ 20 ሰው ተካፍሎታል። በሰልፍ የቆሙ ቁጥሮች የመውጣት ዕድላቸው ከማንኛውም ጥምረት አያንስም፤ ችግሩ «ይሄንማ ማንም አይመርጠውም» የሚለው ሰው መብዛቱ ነው።

እንዴት ይቀይሩ? ቀላሉ መንገድ ኩዊክ ፒክ ነው። ዕድልዎን አያሳድግም፤ ሥራው እርስዎን ከሰው ልማድ ማውጣት ብቻ ነው። በእጄ ካልመረጥኩ አይጥመኝም ካሉ ግን በሐሳብዎ አይምረጡ። በሐሳብ «በዘፈቀደ» የሚመረጥ ቁጥር በእውነት በዘፈቀደ አይደለም፤ ሰው ጎረቤታም ቁጥሮችን ይሸሻል፣ ለምሳሌ 46ን ከያዘ 47ን አይነካም። በፓወርቦል ግን ቢያንስ ሁለት ጎረቤታም ነጭ ቁጥሮች የሚወጡበት ዕጣ ከአራት አንድ ይበልጣል። ከ1 እስከ 69 የተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች እኩል አጥፈው ድስት ውስጥ ይጨምሩ፣ በደንብ ያምሱ፣ አምስት ያውጡ፤ የወጣውን መልሰው አይክተቱ። ለቀይዋ 1 እስከ 26 ለብቻ ያዘጋጁ፤ ቀዮቹ ሁሉም የልደት ቀን ሊሆኑ ስለሚችሉ እዚያ ላይ መሸሻ የለም፣ የደረሰዎትን ይያዙ።

ከዚያ የሚጥሉት ጥምረት ጥቂት ነው። አምስቱም ከ31 ካልበለጡ እንደገና ያውጡ። እንደ 10፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50 በእኩል ርምጃ የሚሄዱ ከሆኑ ይጣሉ። ቅጹ ላይ ሲያጠቁሯቸው ቀጥ ያለ መስመር ወይም መስቀል ከሠሩ ይጣሉ። ባለፈው ዕጣ የወጡትን ቁጥሮች አይድገሙ፤ ቡልጋሪያ ውስጥ በሴፕቴምበር 2009 4፣ 15፣ 23፣ 24፣ 35፣ 42 በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሲወጡ በመጀመሪያው ጊዜ ማንም አላገኛቸውም፣ በሁለተኛው 18 ሰው አገኛቸው። የወጣ አይደገምም የሚለውም ሆነ የወጣ ይደገማል የሚለው ለኳሱ እኩል ባዶ ነው፤ ሁለተኛውን የሚያምኑት ሰዎች ግን ገንዘብዎን ይካፈላሉ። ከብስኩት ውስጥ፣ ከጋዜጣ፣ ከኮከብ ቆጠራ ያገኙትንም ቁጥር እንዲሁ ይተዉት። በማርች 2005 ፓወርቦል ላይ ሁለተኛውን ሽልማት 110 ሰው አሸነፈ፤ የሎተሪው ሰዎች የሚጠብቁት አራት ወይም አምስት ነበር። ሲጣራ ኒው ዮርክ ውስጥ የሚጋገር፣ የዕድል ወረቀት የሚከተትበት የቻይና ምግብ ቤት ብስኩት ላይ የታተመ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ስድስተኛው ቁጥር ስላልገጠመ ነው እንጂ ያ ሁሉ ሰው አንድ ጃክፖት ላይ ይሰለፍ ነበር።

ከዚህ ያለፈ ማማረጥ አያስፈልግም። ይህ ትልቅ ነው ያ ትንሽ ነው እያሉ ሲያስተካክሉ ተመልሰው ሰው በሚመርጠው መንገድ ላይ ይገባሉ።

የልጆቹን ቀን ሙሉ በሙሉ መተው ከከበደዎት መሃል መንገድ አለ። ሁለቱን ብቻ ያቆዩ፣ ለምሳሌ 14ን እና 21ን፤ 3ን፣ 8ን እና 27ን አውጥተው በምትካቸው ከ32 እስከ 69 ካሉት ወረቀቶች ሦስት ያውጡ። አንድ ትልቅ ቁጥር እንኳ ከትንሹ እንቅብ ያስወጣዎታል፤ ግን ብዙ ሰው «አራት ልደትና አንድ ሌላ» ስለሚጫወት ሦስት መቀየሩ ይሻላል። በዚህ ጉዳይ ዕድልዎ ላይ የሚያጡት የለም።

ቀይሬ የድሮው ቢወጣ ላሉት፣ ይህ የሒሳብ ሳይሆን የጸጸት ጥያቄ ነው፤ ሒሳብም ሊያስታግሰው አይችልም። ቁጥሮቹን በቃል ስለሚያውቋቸው ሲወጡ ያዩታል፤ ሳይጫወቱት ያለፉትን የሌላ ሰው ቁጥር ግን በየሳምንቱ አያዩትም፣ ስለዚህ አይቆጭዎትም። ለሁለቱም የመውጣት ዕድሉ አንድ ነው። ሦስቱን ቀይረው የድሮዎቹ ስድስቱም ቢወጡ በእጅዎ የሚቀረው ሁለት ነጭና ቀይዋ ነው፤ ለዚያ የሚከፈለው 7 ዶላር ነው። ይህን እያሰቡ ቅዳሜን የሚያድሩ ከሆነ አይቀይሩ። በእኛ ግምት አንድ ሰው በየሳምንቱ ለሚያስጨንቀው ነገር ሁለት ዶላር መክፈል የለበትም። ቢቀይሩ ደግሞ በኩዊክ ፒክ ይሁን፤ በየጊዜው የተለየ ቁጥር ስለሚመጣ በቃል የሚያዝ ነገር አይኖርም።

ይህ ሁሉ መቼ ነው የሚያሳስበው? ጃክፖቱ ሲገዝፍ ብቻ። በላይ የሠራነውን ስሌት ለ10 ሚሊዮን ቲኬት ብንሠራው ከመቶ 93 እና 98 ነው የሚመጣው፤ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ጃክፖቱ ከፍ ብሎ ማደያው ሁሉ ሰልፍ በሚሆንበት ሳምንት ነው ልዩነቱ የሚሰፋው። በአነስተኛ ሽልማቶች ላይም ለእርስዎ የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ አምስት ነጭ ሲገጥም 1 ሚሊዮን፣ አራት ነጭና ቀይ ሲገጥም 50,000 ዶላር ተብሎ የተቆረጠ ነው፣ ሌላም ሰው ቢያገኘው በመደበኛው አሠራር አይቀንስብዎትም። ካሊፎርኒያ ዘመድ ካለዎት ግን እዚያ ትንንሾቹም ሽልማቶች በአሸናፊ ብዛት የሚካፈሉ ናቸውና ለእነሱ ነገሩ ትንሽ ይሰፋል።

አብሮ የሚነሣ አንድ ነገር አለ። አንዳንዱ ሰው ቁጥሩን በጣም ከማመኑ የተነሣ ያንኑ ጥምረት በሁለት ቲኬት ይገዛል። ብቻውን ካሸነፈ ሁለተኛዋ ቲኬት ምንም አትጨምርለትም፤ ጃክፖቱን ከራሱ ጋር ተካፈለ ማለት ነው። ሁለት ቲኬት ከገዙ ሁለት የተለያየ ጥምረት ይሁን። በሥራ ቦታ ገንዘብ አዋጥታችሁ የምትገዙም ከሆነ ቲኬቶቹን አንድ በአንድ አስተያይታችሁ የተደገመ ካለ ከዕጣው በፊት ቀይሩ።

በገንዘብ ከታየ ደግሞ ይህን ይወቁ። በላይ ባለው ምሳሌ፣ ከ292 ሚሊዮን አንድ የሆነው ዕድል በ256 ሚሊዮን ዶላር ሲባዛ ለአንድ ቲኬት 88 ሳንቲም ይመጣል፤ የልደት ጥምረት ከሆነ 55 ሳንቲም። ትንንሾቹ ሽልማቶች በአማካይ 32 ሳንቲም ይጨምራሉ። እንግዲህ 2 ዶላር ከፍለው የሚገዙት ነገር በደህናው 1.20፣ በልደቱ ደግሞ 87 ሳንቲም ያወጣል፤ ያውም የፌዴራል መንግሥት ከትልቅ ሽልማት ላይ ገና ሲከፈል 24 በመቶ ከመቁረጡና ቀሪው ግብር ከመምጣቱ በፊት። ቁጥር መቀየር ኪሳራውን ያቀልለዋል፣ ወደ ትርፍ አይለውጠውም። በሳምንት አንድ ቲኬት በዓመት 104 ዶላር ነው፤ ከዚያ አያሳልፉት።

ስለ እናትዎ ምንም አያስቡ። አዟሪው ይዞት የሚዞረው የብሔራዊ ሎተሪ ቲኬት ቁጥሩ አስቀድሞ የታተመ ነው። ገዢው ከታተሙት መካከል አንዱን ያነሣል እንጂ ቁጥር አይጽፍም፤ መቶ ሺህ ሰው አንድ ቁጥር ቢወድ እንኳ መቶ ሺህ ሆኖ እዚያ ቁጥር ላይ ሊከመር አይችልም። ስለዚህ እዚያ 21ን መምረጥ ዕድልንም ድርሻንም አይነካም። ደስ ያላትን ታንሣ።